ሱፉን ከማልበስዎ በፊት ጋቢውን በስሙ ይጥቀሱ

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ልብስ የመቀየር ሥራ አይቀርለትም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጩ አይጣል ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይገባሉ። "አባባ፣ ለፎቶው እንኳ ጋቢውን ቢያወርዱት" ሲባሉ "ልጄ፣ አንተ ዝም ብለህ አንሳኝ" ይላሉ። በኋላ ልጆቻቸው መጥተው ያንኑ ፎቶ ሱፍ ለብሰው እንዲታዩበት ይፈልጋሉ። ድሮ ለዚህ ሲባል ፎቶ ቤቱ ውስጥ ኮትና ከራቫት ተሰቅሎ ይጠብቅ ነበር። ቀጥሎ ፎቶሾፕ መጣና ፊት ከአንገት እየተቆረጠ በተዘጋጀ ኮት ላይ ይለጠፍ ጀመር፤ አንገቱ ከኮሌታው ጋር አልገጥም ያለ ስንት ጉርድ ፎቶ አይተናል። ዛሬ ደግሞ ፎቶውን ተቀብለው በጽሑፍ በታዘዙት መሠረት የሚያርሙ ሞዴሎች አሉ። ፍለክስ ኮንቴክስት፣ ክዌን ኢሜጅ ኤዲትና የጉግል ጀሚናይ የምስል ሞዴል በ2025 እ.ኤ.አ. የወጡ የዚህ ወገን ናቸው።

ሞዴሎቹን የሚያዝዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው የሚፈልገውን ብቻ ነው፦ "ጥቁር ሱፍ አልብሰው"። ምን እንደሚወልቅ አይናገርም። ያየው ሁሉ ለሞዴሉም የታየው ይመስለዋል። ይህ መመሪያ ስለዚያ ስለተዘለለው የትእዛዝ ክፍል ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። አንኮበር ላይ፣ የነገሥታቱ ግቢ ከነበረበት ኮረብታ አጠገብ የተነሳ ነው እንበል። ሽማግሌው ነጭ ጋቢ በአንገታቸው ዙሪያ ጠምጥመው ሁለቱን ትከሻቸውን ሸፍነዋል። በጋቢው መሐል ቡናማ የሹራብ ኮሌታ ብቅ ብሏል። ግራጫ የሱፍ ኮፍያ አድርገዋል፤ በቀኝ እጃቸው ከዘራ ይዘዋል። ከኋላቸው ከቆላው በኩል የወጣው ጉም ገደሉን ሞልቶታል። ቤተሰቡ የሚፈልገው ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሰማያዊ ከራቫት ነው። ፊታቸው፣ ኮፍያቸው፣ ከዘራቸውና ጉሙ እንዳሉ ይቆዩ።

መጀመሪያ በባዶው ትእዛዝ የሚሆነውን ይዩ

አንድ ጊዜ አጭሩን ትእዛዝ ይስጡትና ውጤቱን ያስቀምጡ። ሞዴሎቹ በእንግሊዝኛ የሠለጠኑት ይበዛልና ትእዛዙን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይሻላል።

```
Put him in a black suit.
```

የሚመጣው ፎቶ ከሦስት በአንዱ መንገድ መበላሸቱ የተለመደ ነው። አንደኛው፣ ሱፉ ይመጣል፣ ጋቢው ግን ከአንገቱ አይወርድም፤ እንደ ነጭ ስካርፍ ሆኖ በኮሌታው ላይ ይቀራል። ሞዴሉ አላጠፋም። ሱፍ እንዲያለብስ ተነገረው እንጂ ጋቢ እንዲያወልቅ አልተነገረውም፤ ሱፍና ስካርፍ ደግሞ አብረው የሚለበሱ ናቸው። ሁለተኛው፣ ጋቢው ይጠፋል፣ ግን ቅርጹ ይቀራል። አራት ድርብ የሆነ ጋቢ ትከሻ ላይ ሲጣል ሰውዬውን እጥፍ ያሳክለዋል። ሞዴሉ ያንን ግዝፈት እንደ ገላ ቆጥሮት ቀጭኑን ሽማግሌ የትግል ሻምፒዮን አካል ላይ የተሰፋ ኮት ያለብሳቸዋል። ሦስተኛው፣ ሱፉ አምሮ ይመጣል፣ ነገር ግን ኮፍያው ወልቋል፣ ጢሙ ተከርክሟል፣ ጉሙም ወደ ቢሮ ግድግዳ ተለውጧል። "ሱፍ" የሚለው ቃል ሞዴሉ በሠለጠነባቸው ፎቶዎች ውስጥ ከቢሮና ከስቱዲዮ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ገደብ ካልተደረገበት ዓለሙን ሁሉ አስከትሎ ይገባል።

ሦስቱም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። ሞዴሉ የሚለወጠው ነገር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በራሱ መገመት ነበረበት።

ስሙ ለምን ይሠራል

በእነዚህ ሞዴሎች ውስጥ እያንዳንዱ የትእዛዝ ቃል ከምስሉ ክፍሎች ጋር ይገናኛል። "ኮፍያ" የሚለው ቃል ኮፍያው ባለበት አካባቢ ይበረታል፣ ሌላው ጋ ይደክማል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሮምፕት ቱ ፕሮምፕት የተባለው የጉግል ተመራማሪዎች ሥራ ይህንን ግንኙነት እንደ ካርታ ሥሎ አሳይቷል፤ ቃሉን ነጥሎ የትኛው የምስሉ ቦታ ላይ እንዳረፈ ማየት ይቻላል። እንግዲህ ትእዛዝዎ ውስጥ "ሱፍ" ብቻ ካለ፣ ፎቶው ውስጥ ገና ሱፍ ስለሌለ ቃሉ የሚያርፍበት የተቆረጠ ቦታ የለውም። "ነጭ ጋቢ" ሲጨመርበት ግን ፎቶው ውስጥ በእውነት ያለ ነገር ያገኛል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳየው በዚያው ዓመት የወጣው ዲፍኤዲት የተባለ ዘዴ ነው። ፎቶው ላይ ሆን ተብሎ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ይጨመርበትና ሞዴሉ ያንን እንዲያጠራ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ አንድ ጊዜ የድሮውን መግለጫ፣ አንድ ጊዜ አዲሱን ይዞ። "ጉም ውስጥ የቆመ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ" እና "ጉም ውስጥ የቆመ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ" እንበል። ጉሙም ሽማግሌውም በሁለቱም ስላሉ በእነሱ ላይ ሞዴሉ የሚሰጠው መልስ ተቀራራቢ ይሆናል። መልሶቹ የሚለያዩት ልብሱ ላይ ነው፤ ያ የተለያዩበት ቦታ ራሱ የሚታረመው ክፍል ድንበር ይሆናል። የድሮውን መግለጫ ባዶ ቢተዉት ንጽጽሩ የሚሆነው "ምንም" ከሚለው ጋር ነው፤ ልዩነቱም ፊቱንና ጉሙን ጭምር ሊነካ ይችላል።

በትእዛዝ የሚሠሩት የዛሬ ሞዴሎች ይህንን ስሌት በግልጽ አያካሂዱም። የሠለጠኑበት መንገድ ግን ወደዚያው ይስባቸዋል። የዘርፉ ቀዳሚ የሆነውና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኢንስትራክት ፒክስ ቱ ፒክስ ከ450 ሺህ በላይ ምሳሌዎች ተዘጋጅተውለታል፤ እያንዳንዱም የበፊት ምስል፣ የበኋላ ምስልና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ትእዛዝ ይዟል። "ይህንን በዚያ ተካ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእንዲህ ያለው ሞዴል የለመደው ቋንቋ ነው።

ትእዛዙን መጻፍ

ከመጻፍዎ በፊት ፎቶውን አጉልተው፣ የሚወልቀውን ልብስ ከላይ ወደ ታች ይቁጠሩት። በእኛ ፎቶ የሚወልቁት ሁለት ናቸው፤ ጋቢውና የሹራቡ ኮሌታ። ኮፍያው ይቆያል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ሽማግሌው ከጋቢው ሥር ሹራብ፣ ሸሚዝና ካናቴራ መልበሳቸውን ስለሚያውቅ ሁሉንም ይዘረዝራል። የሚጠቀሰው ግን በፎቶው ላይ የሚታየው ብቻ ነው። ያልታየ ልብስ ከተጠቀሰ ሞዴሉ ቃሉን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ልብሱን ፈጥሮ ሊጨምረው ይችላል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም፣ ቀለም፣ የጨርቁን ዓይነትና በገላው ላይ ያለበትን ቦታ ይስጡ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። "ጋቢ" ብሎ ማቆም ስለ ትከሻው ይናገራል፤ "በአንገቱ ዙሪያ የተጠመጠመ፣ ሁለቱን ትከሻና ክንድ የሸፈነ" ሲሉ ግን የት ድረስ እንደሚጠፋ ተነገረ ማለት ነው። በኮሌታው ላይ ስካርፍ ሆኖ የሚቀረው ቁራጭ አንገት ዙሪያ የተጠመጠመው ክፍል ሳይጠቀስ ሲቀር የሚመጣ ነው።

የእኛን ልብሶች በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ሞዴሉ ቃሉን ማወቅ አለማወቁን ይፈትኑ። ፎቶ ሳይሰጡ "ጋቢ የለበሰ ሰው" የሚል ሥዕል ያሠሩትና የሚያመጣውን ይዩ። ነጭ ወፍራም የጥጥ ኩታ ካመጣ ስሙን ያውቀዋል። ጃኬት ወይም የዐረብ ቀሚስ ካመጣ ስሙ ብቻውን አይበቃም። የመንዝ በርኖስን፣ ባናንና ዝተትን በዚህ መንገድ ቢፈትኗቸው ይጠቅማል። ሞዴሉ የማያውቀውን ስም ደጋግሞ መጻፍ አይረዳም። "ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚወርድ ጥቁር የሱፍ ካባ" ብሎ ዓይን የሚያየውን መግለጽ ያደርሳል። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አብሬ እጽፋለሁ፤ ስሙ ባይታወቅ መግለጫው ይሸከመዋል።

ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
Replace the thick white cotton gabi wrapped around
his neck and draped over both shoulders and arms,
and the brown sweater collar under it, with a black
two-button suit, white shirt and dark blue tie.
The suit fits his own slim shoulders; the bulk
was cloth. Keep his face, beard, grey wool cap,
hands, walking stick, pose and the fog unchanged.
```

ሦስት ነገር ነው የሚለው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚወልቀውን ከነቦታው፣ ቀጥሎም የሚተካውን ይነግራል። ሁለተኛው ግዝፈቱ የጨርቁ እንጂ የሰውየው አለመሆኑን ይገልጻል፤ የትግል ሻምፒዮኑን ትከሻ የሚከላከለው ይህ ነው። ሦስተኛው የሚቆየውን ይዘረዝራል። ሦስተኛውን አንዳንዶች "ሌላው ሁሉ እንዳለ ይሁን" ብለው ያሳጥሩታል። ለጃኬት ቅያሪ ይበቃ ይሆናል፤ ኮፍያና ከዘራ ላለበት ፎቶ ግን በስም መጥራቱ ይሻላል፤ ሞዴሉ ኮፍያውን የልብሱ አካል አድርጎ ሊያየው ይችላልና።

የአንኮበር ጉም የራሱ ጣጣ አለው። ነጭ ጋቢ በነጭ ጉም ፊት ሲቆም ጠርዙ ይሟሟል። በእንዲህ ያለው ፎቶ ቀለም መጥቀስ ብቻውን እንዲያውም ሊያሳስት ይችላል፤ "ነጩ" ጉሙም ነውና። ከቀለሙ ጋር ጉም የሌለውን ነገር ይጥቀሱ፦ እጥፋቱን፣ የጨርቁን ውፍረት፣ ካለው ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለውን ጥለት። ፎቶው ላይ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ካሉም "በግራ በኩል ያሉት፣ ከዘራ የያዙት" ብለው ይለዩ። አለበለዚያ ሁለቱም ሱፍ ለብሰው ይመጣሉ።

ስሙን መጥራት የሚጎዳበት ቦታ

እስካሁን ያልኩት ትእዛዝ ለሚቀበሉ ሞዴሎች ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ስቴብል ዲፍዩዥን ጭኖ የልብሱን ቦታ በብሩሽ ቀብቶ የሚያስሞላ ሰው ግን ይህንኑ ጽሑፍ ቢሰጠው ጋቢው ጭራሽ ይባስበታል። ያ ሞዴል ትእዛዝ አያነብም፤ የሚያነበው የተጠናቀቀውን ምስል መግለጫ ነው። "ጋቢውን በሱፍ ተካ" ሲባል ጋቢም ሱፍም ያለበት ምስል ይሥላል። "ጋቢ የሌለው" ብለው ቢጽፉም "ጋቢ" የሚለው ቃል ሥራውን መሥራቱ አይቀርም።

በዚህ መሣሪያ የድሮው ልብስ ስም የሚገባበት ቦታ ሌላ ነው። የሚቀባውን ቦታ፣ ማስክ የሚሉትን፣ በእጅ ከመሥራት ይልቅ በቃል የሚመርጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ግራውንድድ ሳም አንዱ ነው። "ነጭ ኩታ" ብለው ለእሱ ይጻፉለት፤ ጋቢውን ለይቶ ይቀባልዎታል። የመሙያው ሳጥን ውስጥ ሱፉን፣ ሸሚዙንና ከራቫቱን ብቻ ይግለጹ። ጋቢውን መጥቀስ ከፈለጉ አሉታዊ መግለጫ የሚባለው ሳጥን ውስጥ ያስገቡት። ማስኩን ከጋቢው ጠርዝ ጥቂት ፒክስል ያስፉት፤ በአገጭ ሥር ያለው የጋቢው ጥላም ይካተት፤ አለዚያ የሌለ ጨርቅ ጥላ አንገት ላይ ይቀራል። ዲኖይዚንግ ስትሬንግዝ የሚለውን ቁጥር ደግሞ ወደ 1 ያስጠጉት። 0.5 አካባቢ ከተተወ የነጩ ቀለም ስለሚቀር ጥቁሩ ሱፍ አመዳም ሆኖ ይወጣል።

የትኛው ዓይነት መሣሪያ እንደያዙ ካላወቁ፣ "ኮፍያውን አውልቅ" ብለው ብቻ ይጻፉለት። ኮፍያው ከወለቀ ትእዛዝ ያነባል። ኮፍያው ከባሰበት መግለጫ አንባቢ ነው።

ጥርት ብሎ መውጣቱን ማረጋገጥ

ከርቀት ያማረ ውጤት አይመኑ። አዲሱንና የድሮውን ፎቶ በፎቶሾፕ ወይም በጊምፕ መጠናቸውን አመሳስለው አንዱን በአንዱ ላይ በሌየር ያስቀምጡና የላይኛውን ሁነታ "ዲፈረንስ" ያድርጉት። ያልተለወጠው ሁሉ ጥቁር ይሆናል፤ የተለወጠው ያበራል። በእኛ ፎቶ ማብራት ያለበት ከአገጭ በታች እስከ ጋቢው ጫፍ ያለው ብቻ ነው። ሞዴሉ ምስሉን በሙሉ እንደገና ስለሚጽፈው በየቦታው ደብዛዛ ብናኝ ይኖራል፤ ያ አያስጨንቅ። ዓይኖቹ ወይም አፉ በደማቁ ካበሩ ግን ፊቱ ተነክቷል ማለት ነው። ለሽማግሌው ልጆች ደግሞ "ትንሽ የተለወጠ" ፊት የአባታቸው ፊት አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የድሮውን ፊትና ኮፍያ ከመጀመሪያው ሌየር መልሰው ያውጡት፣ መጋጠሚያውንም በኮሌታው መስመር ላይ ያድርጉት።

ቀጥሎ አራት ቦታ አጉልተው ይዩ፦ የአንገት ዙሪያ፣ ከዘራውን የያዘው እጅ የእጅጌ ጫፍ፣ ጋቢው ያበቃበት የታች ጠርዝ፣ ጉሙ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት። ከዘራው ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ጋቢው ከፊሉን ሸፍኖት ከነበረ ሞዴሉ የጎደለውን ራሱ ይፈጥራል፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍል በአንድ መስመር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ብቻ ከተበላሸ ከተበላሸው ፎቶ ላይ ቀጥለው አያርሙ። ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመልሰው ትእዛዙ ውስጥ የጎደለውን ስም ይጨምሩ። በእርማት ላይ እርማት ሲደራረብ ፊቱ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየሸሸ ይሄዳል።

መጠኑንም ይዩ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚመልሱት ምስል አንድ ሜጋ ፒክስል ገደማ ነው፤ ካሜራዎ 24 ሜጋ ፒክስል ቢያነሳም። በኢንች 300 ነጥብ ለሚታተም 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ 354 በ472 ፒክስል ስለሚበቃ ችግር የለውም። በኤ4 ወረቀት አትሞ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ግን 2,480 በ3,508 ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ አዲሱን ምስል አሳድገው ከእሱ ሱፉን ብቻ ይውሰዱ። ፊቱን፣ ኮፍያውን፣ ከዘራውንና ጉሙን ከዋናው ፎቶ ይተዉት፤ ጋቢው ሸፍኖት የነበረውን ጉምና የከዘራ ክፍል ግን ከአዲሱ መውሰድዎ ግድ ነው።

ልብሱ በሞዴል የተቀየረ ፎቶ ለግድግዳና ለአልበም እንጂ ማንነት ለሚረጋገጥበት ሰነድ አይስጡ። ለሽማግሌውም ከመታተሙ በፊት ያሳዩዋቸው፤ ጋቢዬ ይመለስ ካሉ ዋናው ፋይል እጅዎ ላይ አለ።